ፈቃድ የተገዛለት ጨዋታ በመቱ

ያንን የጥያቄና መልስ ጨዋታ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በትርጉም ክፍል እሠራ ነበር። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ታይፕ እመታለሁ፣ አልኮራም፣ ቡና ጠጪ ብለው ሲያሰናብቱኝ ወጥቼ፣ ተመለሺ ሲሉኝ እመለሳለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አንድ ቀን የፕሮግራም ኃላፊያችን ጠራኝና ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ ወፍራም ጥራዝ አሳየኝ። ከአውሮፓ የመጣ ነው። አንድ ኩባንያ ጨዋታ ፈጥሮ፣ የጨዋታውን አሠራር ከሀ እስከ ፐ ጽፎ፣ ለየአገሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያከራያል። ፈቃዱን የገዛ ጣቢያ በእያንዳንዱ ዝግጅት ልክ ይከፍላል። ስሙን፣ ሕጉን፣ ዜማውን ይወስዳል፤ የጨዋታውን መሪ፣ ጥያቄውንና ሽልማቱን ግን ከአገሩ ያወጣል። የአገሩ ሰው የራሱ ጨዋታ እንዲመስለው ነው ነገሩ።

"ሌላው አፍሪካ ጀምሯል፤ እኛ ወደ ኋላ ልንቀር ነው?" አለኝ ኃላፊው። ጥራዙን እንዳልገለጠው ግልጽ ነበር። ማሰሪያው ገና አልተፈታም።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። ተወዳዳሪው አራት ደረጃ ይወጣል። በየደረጃው አንድ ጥያቄ፣ በየደረጃው አንድ ሽልማት አለ። ጥያቄው ከተነበበ በኋላ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይሰጠዋል። ከመለሰ መሪው ወይ ያገኘውን ይዞ እንዲቆም፣ ወይ ወደሚቀጥለው እንዲወጣ ይጠይቀዋል። ወጥቶ ከሳተ ያገኘውን ሁሉ ያጣና የመጀመሪያው ደረጃ ሽልማት ብቻ ይቀርለታል። ዳኛው ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ደወል ይይዛል። መልሱ ልክ ከሆነ ወዲያው ሁለት ጊዜ፣ ጊዜው ካለቀ ደግሞ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይደውላል። የሚቆጠረው የመጀመሪያው መልስ ነው። ይኸው ነው። ለዚህ መቶ ሠላሳ ገጽ ጽፈውበታል።

ከሁሉ ያታከተችኝ አንዲት አረፍተ ነገር ናት። በየደረጃው መሪው "ትቆማለህ ወይስ ትወጣለህ?" ማለት አለበት፤ በየአገሩ ቃሉ አንድ ሆኖ፣ ሳይለወጥ፣ ሕፃን ሁሉ እንዲይዘው። አማርኛ ግን እንዲህ አይሠራም። ለወንድ ልጅ ትቆማለህ፣ ለሴት ትቆሚያለሽ፣ ለትልቅ ሰው ይቆማሉ ነው። ይህን አብራርቼ ለኩባንያው በደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፦ አንዱን ምረጡ። እኔም "ይቆማሉ ወይስ ይወጣሉ?" የሚለውን መረጥኩ። ለሁሉም አክብሮት ቢሆን ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።

መሪውን የመምረጡ ነገር ሲመጣ፣ መመሪያው ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ሁለት ገጽ ሙሉ ያስረዳል። ሰው በሩን ከፍቶ የሚያስገባው፣ ተወዳዳሪው ሲሳሳት ከልቡ የሚያዝን፣ ከተወዳዳሪው በላይ አዋቂ መስሎ የማይታይ። ሦስት ሰው ይፈተን ይላል። ፈተንን። ከሦስቱ የሚሻለው የካሴት ክፍሉ ጠባቂ ነበር፤ ድምፁ ሰውን ያረጋጋል፣ ቀልዱ የሰው ቀልድ ነው። ኃላፊው ግን ታዋቂውን ዜና አንባቢ ወሰደ። ሱፉ ነበር የተመረጠው ብል አላጋነንኩም፤ ለሬዲዮ። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን አገር ሁሉ በአንድ ቃል "ገጠር" ይለው ነበር፤ ሲለውም አፍንጫው ጠበብ ይላል።

ሽልማቱ ላይ ብቻ ሰሙኝ። ከኩባንያው የመጣው የናሙና ዝርዝር ማቀዝቀዣ፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽንና የአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ይላል። መመሪያው ራሱ ግን ይህን አትገልብጡ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሽልማቱ የአገሩ ቤተሰብ የሚመኘው፣ ዓይቶ የሚያውቀው፣ ነገር ግን እጁ የማይደርስበት መሆን አለበት። አንዲት ደሴት ላይ የዓሣ ጀልባ ሸልመዋል፤ ሌላ ቦታ ጥጃ ያላት ላም። እኔ የመቱ ልጅ ነኝ። ኢሉባቦር ውስጥ ሰው ምን እንደሚመኝ ሊነግረኝ የሚችል ኩባንያ የለም። ዘጠኝ ወር በሚዘንብበት አገር ሰው የሚመኘው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ አንደኛ ደረጃ ሳሙናና ስኳር፣ ሁለተኛ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሦስተኛ የስፌት መኪና፣ አራተኛ ስልሳ ቆርቆሮ ከነምስማሩ ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አንብቦ "ቆርቆሮ? በሬዲዮ ላይ ምን ይባላል?" አለ። ኩባንያው ግን በጣም ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው ቆርቆሮውን የራሱ ሐሳብ አድርጎ ያወራው ነበር።

በአዲስ አበባ ስምንት ዝግጅት ከተላለፈ በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር እንውጣ ተባለ። ኩባንያው ተቆጣጣሪ ላከ፤ ጸጉሩ የሳሳ፣ ዘወትር ሰዓቱን የሚያይ ሰው። ሥራው በየአገሩ እየዞረ ጨዋታው ከመመሪያው መውጣት አለመውጣቱን መጻፍ ነው። አገራችንን ሲያይ ምን ተሰማው? አላውቅም። ከጅማ እስከ በደሌ፣ ከበደሌ እስከ መቱ ያንን ሁሉ ደን ስናቋርጥ በመኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሲያወራ ነበር፤ የመግቢያውን ዜማ። ኃላፊያችን ዜማውን በመሰንቆና በክራር አስመትቶት ነበር። ተቆጣጣሪው ዜማው በሁሉም አገር አንድ መሆን አለበት ይላል። ኃላፊው ደግሞ በአገሬ ዜማ ላይ አልደራደርም ይላል። እኔ በመሐል ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ። መሪው ከፊት ወንበር ተኝቷል።

ቆርቆሮው በጭነት መኪና ተከትሎን መጣ። መመሪያው ሽልማቱ ተመልካች ፊት ይቀመጥ ስለሚል፣ ከአስመጪው ነጋዴ ጋር የተዋዋልነው በየከተማው ይዘነው እንድንዞር ነበር። መቱ ስንደርስ ሰዉ ከእኛ ይልቅ ቆርቆሮውን ከቦ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አንዱን ቅጠል በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ውፍረቱን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተወዳዳሪዎቹን በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ፈተንን። መመሪያው አዋቂ ብቻ አትፈልጉ፣ ሰው የሚወደው ሰው ፈልጉ ይላል። ከአርባ ከሚበልጡ ሰዎች ሦስት መረጥን። አንዱ ከኡካ የመጣ ጸሐፊ፣ ሁለተኛው የመቱ ወጣት ቡና ነጋዴ፣ ሦስተኛዋ በኖፓ ሻይ ቤት ያላት ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ይሆናታል። ባሏ ሞቷል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምራ፣ ከዚያ በኋላ ለዳቦ መጠቅለያ የሚመጣላትን አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ እያነበበች ኖራለች። ለምን ልትወዳደር እንደመጣች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

"ሣር ክዳኑ ያፈሳል። ደንበኛ ሻይ እየጠጣ ከላይ ጠብ ይልበታል። በውኃ አቅጥነሽ ነው የምትሸጪው ይሉኛል።"

ተቆጣጣሪው ተርጉሜ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። "እሷን በመጨረሻ አቅርቧት" አለ። እንዴት እንደሚሸጥ ያውቃል። ያን ያህል ያውቅ ነበር።

የአገር ጥያቄ ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ዳኛዋም እኔ ነኝ። ከአራቱ አንዱ ስለ አካባቢው ይሁን፣ እሱም የመጨረሻው ይሁን ይላል መመሪያው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን የሚያውቀው፣ ተወዳዳሪው ግን በጭንቀት የሚዘነጋው። ሰዉ ትንፋሹን የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። እኔም ስለ ዛፍ ጻፍኩ፦ አበባው ነጭ፣ ፍሬው የሚያጣብቅና ልጆች የሚበሉት፣ እንጨቱ ለቀፎና ለበር የሚሆን ዛፍ ምን ይባላል? መልስ፦ ዋንዛ። እዚያው አገር ተወልጄ፣ ያንን ፍሬ እየለቀምኩ አድጌ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ። ሁለተኛው ስም ከቶ አልታወሰኝም። ሰባት ዓመት አዲስ አበባ መቀመጥ ለዚህ በቂ ነው።

ቀረጻው ከረፋዱ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ሁለት ጊዜ ዝናብ በአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወረደ ድምፁን ስላበላሸው አቆምን። ሹማምንት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላ ሰዉ በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥሏል። የኡካው ጸሐፊ በሁለተኛው ደረጃ ቆመና ሬዲዮውን ይዞ ወረደ። ነጋዴው በሦስተኛው ላይ ሳተ።

የኖፓዋ ሴት ስትወጣ መሪው ወረቀቱን ገለጠ። ለጸሐፊው "ይቆማሉ ወይስ ይወጣሉ?" ሲል ነበር። ለእሷ ግን "እሺ እናት ዓለም፣ ነይ ቅረቢ" አላት። የመጀመሪያውን መለሰች። "ትቆሚያለሽ ወይስ ትወጪያለሽ?" አላት። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቃሉ ተለወጠ አይደል?" አለኝ። ድምፁን ነው የሰማው እንጂ ንቀቱ አልገባውም። አዎ ተለውጧል አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ሁለተኛውን መለሰች። ሦስተኛውን መለሰች። የስፌት መኪናው ጎኗ ቆሟል። መሪው በመመሪያው መሠረት ማባበል አለበት፤ አባበላት። የስፌት መኪና በሻይ ቤት በር ላይ ምን ያህል ደንበኛ እንደሚያመጣ ነገራት። ከዚያ ስልሳውን ቆርቆሮ አሳያት። እሷም ረጋ ብላ ሁለቱንም አየች።

"እወጣለሁ" አለች።

ጥያቄውን አነበበ። ሰዓቱን ያዝኩ። ሦስት፣ ምናልባት አራት ሰከንድ ነበር።

"ወዴሳ" አለች።

አዳራሹ ከኋላ "ሲሪዳ፣ ሲሪዳ" እያለ ተነሣ። ልክ ነው ማለታቸው ነው። ልክም ነው። በኦሮምኛ ዋንዛ ማለት ወዴሳ ነው፤ ይህን በዚያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው ቢኖር መሪውና ተቆጣጣሪው ብቻ ናቸው። የእኔ ሥራ ያን ጊዜ ደወሉን ሁለቴ መምታት ነበር። እጄ ደወሉ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ኃላፊውን አየሁ።

ኃላፊው ወደ ሹማምንቱ አየ። ከዚያ ወደ እኔ፣ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አይሆንም ነው።

መሪው "ምን አልሽ እናት? እኛ በምንሰማው ቋንቋ ተናገሪ" አላት። ከፊት ወንበር አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልገባትም መሰለኝ፤ መልሳለች እኮ። ዞራ እኔን አየችኝ። ሰከንዱ ሄደ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ደወሉን አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጌ መታሁት። ደወሉ ሳያቆም "ዋንዛ ነው፣ ዋንዛ" አለች።

"አምልጦሻል" አላት መሪው። "ሳሙናና ስኳሩ ግን ያንቺ ነው።" ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሰዉን እንዲያጨበጭብ ጋበዘ። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ።

ምሳ አሳልፈን ስለነበር ከቀረጻው በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ለመብላት ተቀመጥን፤ ኃላፊው፣ ተቆጣጣሪው፣ መሪውና እኔ። ተቆጣጣሪው ዳቦ እየቆረሰ ጠየቀኝ።

"የመጀመሪያው መልሷ ምን ነበር?"

"የዛፉ ስም ነው፤ በሌላው የአገሩ ቋንቋ።"

"ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

ቦርሳውን ከፈተና የጥራዙን ተጨማሪ ክፍል አወጣ። እኔም ተርጉሜዋለሁ፤ የሌሎች አገሮች ልምድ የተጻፈበት ነው። ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት አንድ አገር ጣቢያው አስቀድሞ በጽሑፍ ከተስማማ በሁለቱም ቋንቋ የተሰጠ መልስ ይቆጠራል ይላል። ጣቱን አንቀጹ ላይ አድርጎ ወደ ኃላፊው ገፋው።

"እናንተም መፈረም ትችላላችሁ" አለ። "ዛሬም ቢሆን። ዳኛዋ ውሳኔዋን ታርማለች፤ ሴትዮዋን ጠርተን የመጨረሻውን እንደገና እንቀርጻለን። በእኛ በኩል ችግር የለውም።"

ተረጎምኩ። ኃላፊው እጁን ታጥቦ እስኪጨርስ ቆይቶ መለሰ።

"ጣቢያው የሚያስተላልፈው በአማርኛ ነው በይው። ዛሬ አንድ ቃል ካስገባን ነገ ምን እንደሚመጣ አናውቅም። እኔ እዚህ ላይ አልፈርምም።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ተቆጣጣሪው ትከሻውን ሰበቀ። እንግዲያው በሪፖርቱ ላይ ዳኝነቱ ተጓድሏል ብሎ መጻፍ እንዳለበት ተናገረ። የኩባንያው ሕግ ነው፤ ጨዋታው የተጭበረበረ ከመሰለ በሁሉም አገር ዋጋው ይወድቃል። ፈቃዱ ሊታገድም ይችላል። ያን ጊዜ ትንሽ ተስፋ አደረብኝ። ይህ ሰዓት ቆጣሪ ሰው እኛ ያላደረግነውን ሊያደርግ ነው አልኩ በልቤ።

ኃላፊው ጥርሱን በእንጨት ፋቅ ፋቅ አደረገ።

"ስለ ዜማው የነገረኝን ነገር አስቤበታለሁ በይው" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። "ምን ልበለው?"

"የእነሱን ዜማ እንጠቀማለን። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ። ያቺ የመሪው ቃልም ትስተካከላለች፤ አንድ ዓይነት እናደርጋታለን። እሱም የዛሬውን ነገር የቃል ስህተት ብሎ ይለፈው።"

የአገሬ ዜማ እያለ ከጅማ እስከ መቱ ያደነቆረኝ ሰው ነው። ተረጎምኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አላስቀረሁም። ተቆጣጣሪው ትንሽ አሰበ፤ ያሰበው ስለ ዜማው እንደሆነ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። በመጨረሻ "ያም ቢሆን ያስኬዳል" አለና ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መለሰ። መሪው ይበላ ነበር። በኋላ "ጨረሳችሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ከምሳው በኋላ የዳኛውን ቅጽ ፈረምኩ። ቅጹ "መልስ በጊዜው አልተሰጠም" ይላል። ከስሬ ተቆጣጣሪው ፈረመ። ሌላ ምን ላድርግ ብዬ ራሴን አላጽናናም፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ነበር፤ ደወሉ እጄ ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ስንመለስ ቴፑ ለአርትዖት ገባ። የድምፅ ባለሙያው ኃላፊው ያዘዘውን ሠራ። "ወዴሳ" የምትለዋን፣ ከኋላ የተሰማውን "ሲሪዳ"ና የመሪውን ነገር በምላጭ ቆርጦ አወጣና ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር አጣበቃቸው። ዝግጅቱ ሲተላለፍ የሚሰማው ጥያቄው፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደወል፣ ከዚያ የዘገየ "ዋንዛ ነው፣ ዋንዛ" ነበር። ዝምታውን ያገኙት ከሌላ ቦታ ነው፤ ነጋዴው ሲሳሳት ዝም ካለበት ቆርጠው ነው የሞሉት። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች በጣም ወደዱት። "ያቺ ባላገር አፏ ሲያያዝ" እያሉ የሚስቁ ሰዎች ቢሮ ድረስ መጡ። ኃላፊው ምርጥ ዝግጅት ብሎ ለሌላ ጊዜ እንዲደገም አዘዘ።

ቆርቆሮው ለሚቀጥለው ቀረጻ ወደ ጎሬ ሄደ። እዚያም የደረሰበት የለም። ከዚያ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ተውኩ።

ከአራት ወር በኋላ ለዘመድ ለቅሶ ወደ መቱ ሄድኩ። ለቅሶው ሲያበቃ አክስቴ፣ "ኖፓ ያለችው ሴት ስላንቺ እየጠየቀች ነው" አለችኝ። "ለምን?" ብላት፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሂጂና ስሚያት" አለችኝ። አክስቴ ፊቷ ደስ አላለኝም። እሷም ሬዲዮውን ሰምታለች።

ሄድኩ። ሻይ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ሣር ክዳኑ ከመሐል ጎብጧል። ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከገበያ የተመለሱ፣ ጭነት የሚጠብቁ። እንደገባሁ አወቀችኝ። ወንበር ጠረገችልኝ፤ ሻይ አመጣችልኝ። ተቀመጠች።

"ደወሉን የደወልሽው አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ወዴሳ ማለቴን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"በጊዜው ነው?"

"በጊዜው ነው።"

"በሬዲዮው ላይ ግን የለም። እኔ ራሴ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዝም ብያለሁ። በአዳራሹ ግን እዚያ ቦታ ላይ እኔ ዝም አላልኩም።"

ቴፕ እንደሚቆረጥ ነገርኳት። በምን? በምላጭ። ጺም በሚላጩበት? በዚያው ዓይነት።

"እንግዲህ ስሚ" አለችኝ። "ቆርቆሮውን አልጠይቅሽም፤ የአንቺ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ግን አፏ ተያዘ ይሉኛል። ልጆቻቸው ሳይቀሩ በመንገድ ላይ ዋንዛ ይሉኛል። ተነሺና ንገሪያቸው።"

"እዚህ?"

"የት ልትነግሪያቸው ነው?"

ተነሣሁ። በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለነበር አፌ ይሰናከል ነበር። በጊዜው መልሳለች አልኩ። መልሷ ልክ ነበር አልኩ። ደወሉን ሁለቴ መምታት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አልመታሁም አልኩ። በኋላ ቃሏን ቆርጠው አወጡት አልኩ። ሰዎቹ በጨዋነት አዳመጡኝ። አንዱ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ኩባያውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

"ይኼን ሬዲዮ ላይ መቼ ትናገሪዋለሽ?"

አልናገረውም አልኩት። አይፈቅዱልኝም።

"ታዲያ ለእኛ ምን አደረገልን?" አለ ሽማግሌው። "እኛ እኮ እዚያ ነበርን። በመስኮት ቆመን ሰምተናል። የሚስቁት ያልነበሩት ናቸው።" ለሌሎቹም ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ሦስቱ ሳቁ። ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ አልጽፈውም። ስለ እኔ ነበር፤ ትክክልም ነበር።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። "ይበቃል፤ ነግራችኋለች" አለችና ኩባያዎቹን ሰበሰበች። በር ድረስ ሸኘችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ዝናቡ ሳይመጣ ሂጂ" አለችኝ። እሱን ብቻ።

ጨዋታው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። በኋላ ጣቢያው የፈቃዱን ክፍያ ስላዘገየ ኩባንያው ውሉን አላደሰም። ኃላፊያችን ግን አልተጨነቀም። ስሙን ቀየረው፣ አራቱን ደረጃ አምስት አደረገው፣ በደወሉ ፈንታ ፉጨት አስገባ፤ የራሳችን ፈጠራ ነው እያለ ያለ ፈቃድ ማስተላለፉን ቀጠለ። መሰንቆና ክራሩም ተመለሱ። የሴትዮዋን ቤት ክዳን በተመለከተ፣ አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ማር እየሸጠች ባጠራቀመችው አርባ ቆርቆሮ ገዝታ አለበሰችው፤ የቀረውን ጓዳ በሣር ትታዋለች።

እኔ ያን ጊዜ ከኖፓ እንደተመለስኩ በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ የጅማ ዙር የሚቀረጸው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደሆነ ነገሩኝ። ታይፑን ስቤ ጥያቄዎቹን መጻፍ ጀመርኩ። በየመልሱ አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ።